ሥልጣኔ ሲመጣ ሃይማኖት ይሄዳልን?

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የዋለ ሰው የሚያየው የታወቀ ነው። ሜዳው በፈረስ ይሞላል፤ ልጓሙና ኮርቻው አጊጦ፥ ጋላቢው ጋሻውን ይዞ፥ አንዱ ሲሸሽ ሌላው ሲያባርር፥ ተመልካቹም በጭብጨባና በእልልታ ሲያደምቀው ይውላል። ይህ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። ማኅበሩ ከተቋቋመ ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ የሚያስበውም በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ተሸክመዋቸው የሄዱትን ፈረሶች ነው። 23 ቅዱስ ጊዮርጊስ በየወሩ የሚታሰብበት ቀን ነው፤ የዓድዋም ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን ነው።

በአንደኛው ዓመት ከሜዳው ዳር ቆመን ስንመለከት፥ ከጎናችን አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበረ። ለጓደኛው እንዲህ ሲል ሰማነው፦ «ይኸው፥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን የነበረው ዛሬ የቱሪዝም ቀን ሆኗል። ዩኒቨርሲቲው አለ፥ መብራቱ አለ፥ ስልኩ አለ። ሃያ ዓመት ብትቆይ ቤተ ክርስቲያኑም እንዲሁ የጎብኚ ቦታ ሆኖ ታየዋለህ።» ከፊቱ ነጠላቸውን አጣፍተው የቆሙ አንድ አዛውንት ነበሩ። ዞር ብለው፥ «ልጄ፥ አንተ የመጣኸው በአራት ሰዓት ነው፤ እኔ ግን ከቅዳሴ ነው የመጣሁት» አሉት። ወጣቱ አፈረና፥ «አይቆጡኝ አባቴ፥ ክፉ ለማለት አይደለም» ብሎ ዝም አለ።

ከሁለቱ ማንኛው እውነት ተናገረ? ጥያቄው ከሜዳው ዳር አብሮን ተመልሷል። ወጣቱ ሳያውቀው የተናገረው ነገር በማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር የቆየና በየዩኒቨርሲቲው የሚማሩት አንድ ትልቅ ሐሳብ ነው። ፈረንጆቹ ሴኩላራይዜሽን ይሉታል፤ እኛ ዓለማዊነት ብንለው ያስኬዳል። በአጭሩ ሲነገር፥ ኅብረተሰብ እየሠለጠነ በሄደ መጠን የሃይማኖት ሥልጣንና ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል የሚል ነው። እኛም ዛሬ ይህን ሐሳብና የቀረቡበትን ነቀፌታዎች ከሩቅ አገር ይልቅ በገዛ አገራችን ጉዳይ መርምረን ለማየት አስበናል።

በመጀመሪያ የሐሳቡን ባለቤቶች በቅን ልቡና እንስማቸው። ጀርመናዊው ማክስ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1917 ባደረገው ንግግር፥ የሠለጠነው ዓለም ከምሥጢርና ከመናፍስት እየተራቆተ፥ ሁሉን ነገር በስሌት ማወቅ ይቻላል የሚል እምነት እየሰፈነበት መሄዱን ገለጸ። ነገሩን ወደ አገው ምድር ብናመጣው እንዲህ ይሆናል። በረዶ እህሉን የመታበት ገበሬ ቀድሞ ለታቦቱ ይሳል፥ ጠበልም ያስረጭ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የእርሻ ባለሙያውን ስለ ዘርና ስለ መድኃኒት ይጠይቃል። ገበሬው ስለቱን ባይተውም እንኳ፥ ቬበር እንደሚለው፥ ለዚያው ለአንዱ ችግር ሁለተኛ በር ተከፍቶለታል።

ከቬበር በኋላ የመጡት ሐሳቡን አጠነከሩት። እንግሊዛዊው ብራያን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ትሠራው የነበረውን ማስተማር፥ መፍረድ፥ ማከምና ድኻ መርዳት ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች እየተረከቡት ሲሄዱ፥ ሃይማኖት በኅብረተሰቡ ዘንድ የነበረው ክብደት ይቀንሳል አለ። በኦስትሪያ ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ፒተር በርገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 ሃይማኖትን በድባብ መሰለው። ታቦት ሲወጣ ካህኑ የሚይዘውን ድባብ አስታውሱ። በአንድ መንደር ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ድባብ ሥር ሲኖር፥ ልደቱም ሞቱም፥ ንጉሡም ሕጉም ከዚያው ጥላ ሥር ትርጉም ያገኛል፤ ስለ እውነትነቱም የሚጠራጠር አይኖርም። ከተማ ገብቶ ሌላ ድባብ የያዘ ጎረቤት ሲያጋጥመው ግን፥ የኔ ድባብ ከብዙዎቹ አንዱ ነው ወደሚል ሐሳብ ይደርሳል፤ እምነትም የተወረሰ መሆኑ ቀርቶ የተመረጠ ይሆናል፤ የተመረጠ ነገር ደግሞ ሊተው ይችላል። በርገር በ1968 ለአንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ሲናገር፥ ሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ሲደርስ ምእመናን በየጥጉ ተጠጋግተው የሚኖሩ ጥቂት ወገኖች ብቻ ይሆናሉ የሚል ግምት እስከ መስጠት ደርሶ ነበር። የእንጅባራው ወጣት ትንቢት እንግዲህ ከዚህ ትንቢት ጋር አንድ ነው።

ነገር ግን ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ቃሉን ራሱን እንመርምር፤ ለጉዳያችን ቁልፍ የሚሆን ነገር በውስጡ አለና። በአማርኛ ዓለማዊ ስንል በጥንት ልማዳችን ሃይማኖት የሌለውን ሰው ማለታችን አይደለም። ገዳም ያልገባ፥ ያልመነነ፥ በዓለም የሚኖር ሰው ማለታችን ነው። የላቲኑም ቃል ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአውሮፓ አንድ መነኩሴ ከገዳሙ ወጥቶ ወደ ዓለም ሲመለስ በዚህ ቃል ይጠሩት ነበር። በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1648 የሠላሳው ዓመት ጦርነት ባበቃበት ጊዜ፥ ቃሉ የቤተ ክርስቲያን መሬት ወደ መሳፍንት እጅ መተላለፉን ለመግለጽ ዋለ። ስለዚህ ዓለማዊነት ማለት መጀመሪያ የመሬት ጉዳይ ነበር፤ የልብ ጉዳይ የሆነው በኋላ ነው።

በዚህ በመጀመሪያው ትርጉሙ ከሆነ፥ ኢትዮጵያ ዓለማዊ የሆነችበትን ቀን ቆጥረን ልንናገር እንችላለን። ቀኑም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬቱን ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ፥ የቤተ ክርስቲያኑም መሬት አብሮ ሄደ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ደግሞ የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት ወሰደ። ቀድሞ ቄሱም፥ ዲያቆኑም፥ ደብተራውም ለአገልግሎታቸው በተሰጣቸው የሰሞን መሬት ይኖሩ ነበር። የቀደሰና የዘመረ በመሬቱ ይበላል፤ አገልግሎቱን የተወም መሬቱን ይለቃል። ከአዋጁ በኋላ ግን የገጠሩ ቄስ እንደ ማንኛውም ገበሬ በገበሬ ማኅበር ተመዝግቦ የድርሻውን የሚያርስ ሰው ሆነ።

እንግዲህ ለተማሪ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ የሚገኝ አይመስለንም። ዊልሰን እንደሚለው የሃይማኖት ኃይል ከሥልጣኑና ከተቋሙ ጋር የሚሄድ ከሆነ፥ መሬቱ ሲሄድ ምእመኑም ሊሄድ ይገባ ነበር። በእርግጥ ምን ሆነ?

ይህን ለመመለስ ስፔናዊው ሆሴ ካዛኖቫ እ.ኤ.አ. በ1994 ያደረገውን ክፍፍል መያዝ ያስፈልጋል። ካዛኖቫ እንዳስተዋለው፥ ሰዎች ዓለማዊነት እያሉ የሚከራከሩት ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠሩ ነው። አንደኛው መለየት ነው፤ መንግሥቱ፥ ፍርድ ቤቱ፥ ትምህርት ቤቱ ከሃይማኖት ተቋም ተለይተው በራሳቸው ሕግ መተዳደራቸው። ሁለተኛው መቀነስ ነው፤ የሚያምነውና ሥርዓቱን የሚፈጽመው ሰው ቁጥር ማነሱ። ሦስተኛው ወደ ጓዳ መግባት ነው፤ ሃይማኖት ከአደባባይ ወጥቶ የግል ጉዳይ ብቻ መሆኑ። የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ሦስቱ ተያይዘው የሚመጡ መስሏቸው ነበር። ካዛኖቫ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይፈተን አለ። እኛም በአገራችን ለየብቻ እንፈትናቸው።

መለየቱን በሚመለከት የተጻፈው ሕግ በቂ ምስክር ነው። በ1935 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ደንብ የካህናትን ዳኝነት በመንፈሳዊ ጉዳይ ብቻ ወሰነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን በ126ኛው አንቀጽ ኦርቶዶክሳዊቱን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ጋብቻን ሦስት በር ሰጠው፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፥ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በአገር ልማድ የተፈጸመ ጋብቻ ሁሉ የሚያስከትለው ውጤት አንድ ነው አለ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ልብ በሉ። ዳንግላ ላይ በተክሊል የተጋባ ባልና ሚስት፥ ጋብቻቸው በሕግ የሚጸናው ሕጉ ስለፈቀደ ነው ማለት ነው። ቢጣሉና ንብረት ቢካፈሉ ውሳኔውን የሚያጸናው ፍርድ ቤት ነው፤ የንስሐ አባታቸው ሊያስታርቁ ይችላሉ፥ ሊፈርዱ ግን አይችሉም። በመጨረሻም በ1979 ዓ.ም. በሕዝብ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥትና በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን በግልጽ ደነገጉ። የኋለኛው በ11ኛው አንቀጽ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፥ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። በዚህ በመጀመሪያው ትርጉም ስለዚህ የዓለማዊነት ሐሳብ ትክክል ነው፤ ወጣቱም ትክክል ነው። አንባቢያችን የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ራሱ የዚህ መለየት ፍሬ ነው።

ሁለተኛው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከመሬት አዋጁ ሁለት ዓመት ቀድሞ፥ በ1965 ዓ.ም.፥ ቤተ ክርስቲያኒቱ ቃለ ዓዋዲ የተባለውን ደንብ አውጥታ ነበር። በዚህ ደንብ መሠረት በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ይቋቋማል፤ በጉባኤውም ካህናት ብቻ ሳይሆኑ ምእመናንና ወጣቶች ይቀመጣሉ፤ ምእመኑም ተመዝግቦ መዋጮ ይከፍላል። ደንቡ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ገና ባለ መሬት ነበረች። መሬቱ ሲወሰድ ግን ይኸው ጉባኤ የአጥቢያው ምሰሶ ሆነ። ጣራውን የሚያስቀይረው፥ ጧፉንና ዕጣኑን የሚገዛው፥ ለካህኑ የሚያዋጣው ራሱ ምእመኑ ሆነ። የቀድሞው ቄስ ምእመኑ ቢመጣም ቢቀርም የሰሞን መሬቱን ያርስ ነበር። የኋለኛው ቄስ ግን ምእመኑ ከቀረ ደብሩ እንደሚዘጋ ያውቃል።

አሜሪካዊው ሮድኒ ስታርክ የዓለማዊነትን ሐሳብ የነቀፈው ከዚሁ ጋር በሚመሳሰል ማስረጃ ነው። ስታርክና ጓደኞቹ ሃይማኖትን በገበያ መሰሉት። መንግሥት የሚደጉመው አንድ ቸርቻሪ ብቻ ባለበት ገበያ ሻጩ ይሰንፋል፥ ገዢውም ይሰለቻል፤ በሰሜን አውሮፓ ቤተ ክርስቲያኖቹ ባዶ የሆኑት የመንግሥት ደመወዝ ስለሚበሉ ነው አሉ። ድጎማው ሲቀርና ተወዳዳሪ ሲበዛ ግን ሁሉም ይተጋል። ይህ የበርገርን ድባብ የሚገለብጥ ሐሳብ ነው፤ ለበርገር የድባብ መብዛት እምነትን ያዳክማል፥ ለስታርክ ያጠነክራል።

የቆጠራው ውጤት ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ ሰው 50.6 ኦርቶዶክስ፥ 32.8 እስላም፥ 10.2 ፕሮቴስታንት ነበረ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ኦርቶዶክሱ 43.5፥ እስላሙ 33.9፥ ፕሮቴስታንቱ 18.6 ሆነ። አንድ ችኩል ተማሪ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ አይቶ፥ «ይኸው ሃይማኖት ቀነሰ!» ሊል ይችላል። ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። ሦስቱን ደምሩ፤ ፊት 93.6 የነበረው ኋላ 96 ሆኗል። ሰው ከአንዱ ድባብ ወደ ሌላው ተዘዋወረ እንጂ ከድባብ ሥር ወጥቶ ፀሐይ ላይ አልቆመም። የመዘዋወር ቁጥርንና የመቀነስ ቁጥርን መለየት የዚህ ጥናት የመጀመሪያ ጥንቃቄ ነው።

የአሜሪካው ፒው የተባለ የጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ውጤት ደግሞ ይህን ያጠነክራል። ከጠየቃቸው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን ከመቶ 98ቱ ሃይማኖት በሕይወታቸው እጅግ አስፈላጊ ነው ብለዋል፤ ከመቶ 78ቱም በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን አሉ። በምሥራቅ አውሮፓ ካሉት ኦርቶዶክሳውያን በየሳምንቱ የሚሄዱት በመካከለኛው ግምት ከመቶ 10 ብቻ ናቸው።

ነገር ግን አንባቢያችን እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያይ ወዲያው እንዳያጨበጭብ እናሳስባለን። እ.ኤ.አ. በ1993 ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሰው ሄድኩ ያለውንና በእርግጥ የተገኘውን ሰው ቆጥረው ሲያስተያዩ፥ የተገኘው ሄድኩ ካለው በግምት ግማሽ ሆኖ ተገኘ። መሄድ በሚያስከብርበት አገር ሰው ሄድኩ ይላል። በሌላ በኩል ደግሞ መሣሪያው ለእኛ አገር የተሰፋ አይደለም። በአውሮፓ መሄድ ማለት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሥርዓቱን መጨረስ ነው። በኛ ዘንድ ግን አንዱ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል፤ ሌላው ወደ ገበያ ሲያልፍ ደጀ ሰላሙን ተሳልሞ ይሄዳል፤ ሌላይቱ በዓመት ወደ 180 ቀን ትጾማለች እንጂ ቅዳሴ የምትደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ወንበር የሚቆጥር ተመራማሪ እነዚህን ሁሉ አያያቸውም። የእንጅባራው አዛውንት ለወጣቱ የተናገሩትም ይኸንኑ ነው፤ በአራት ሰዓት የመጣ ቆጣሪ ያየው ፈረሱን ብቻ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላም ነቀፌታ አለ። ቀነሰ ለማለት መነሻ ያስፈልጋል፤ መነሻውም ብዙ ጊዜ ሁሉ ሰው አማኝ የነበረበት አንድ ወርቃማ ዘመን ነው። ስታርክ እንዲህ ያለ ዘመን በአውሮፓ አልነበረም፤ በመካከለኛው ዘመን የነበረው ገበሬ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚያውቀው ጥቂት ነበር ይላል። በእኛም አገር እንዲሁ ነው። ከአዊ አጠገብ በሰከላ የሚገኘውን የጊሽ ዓባይን ምንጭ እንውሰድ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እዚያ በደረሰ ጊዜ፥ የአካባቢው አገዎች ለምንጩ መንፈስ ከብት ይሠዉ እንደነበር ጽፏል። ዛሬ ያው ምንጭ የክርስቲያን ጠበል ነው። ታዲያ ከ1770 ወዲህ በጊሽ ሃይማኖት ቀነሰ ወይስ ጨመረ? ሁለቱንም ማለት አይቻልም፤ ተለወጠ ማለት ነው የሚቻለው። ቤተ ክርስቲያንን ብቻ መለኪያ አድርገን ብንነሣ ጨመረ እንላለን፤ የጥንቱን አምልኮ ብንይዝ ጠፋ እንላለን። የመነሻው ምርጫ ድምዳሜውን አስቀድሞ ይወስነዋል።

ወደ ሦስተኛው፥ ወደ ጓዳ መግባት ወደተባለው እንለፍ። እዚህ ላይ የአገራችን ታሪክ ለዓለም ሁሉ የሚጠቅስ ምሳሌ ያለው ይመስለናል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሙስሊሞች፥ ክርስቲያኖችም እየተጨመሩበት፥ አደባባይ ወጡ። ከጠየቁት ነገር አንዱ በዓሎቻቸው የሕዝብ በዓል እንዲሆኑ፥ ሌላውም መንግሥትና ሃይማኖት እንዲለያዩ ነበር። ነገሩን አስተውሉ። መለየትን የጠየቁት እምነታቸውን የተዉ ሰዎች አልነበሩም፤ ምእመናን ነበሩ። መለየቱን የፈለጉትም ሃይማኖታቸውን ጓዳ ለማስገባት አልነበረም፤ በእኩልነት አደባባይ ለማውጣት ነበር። የመጀመሪያው ዓለማዊነት ለሦስተኛው ተቃራኒ ሆኖ ሲሠራ ከዚህ ይበልጥ የሚታይበት ጊዜ የለም። ካዛኖቫ ከሃያ ዓመት በኋላ በፖላንድና በብራዚል አይቶ የጻፈውን፥ አዲስ አበባ ቀድማ አሳይታው ነበር።

እንግዲህ በርገር ምን ሆነ? ሰውዬው ቅን ሊቅ ነበርና፥ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጽሑፍ፥ ዓለም ዓለማዊ ሆኗል የሚለው ግምት ስሕተት ነው፤ ከጥቂት ቦታዎች በቀር ዓለም እንደ ቀድሞው ሃይማኖተኛ ነው ብሎ የራሱን ትንቢት ሻረ። በዚያው ዓመት ስታርክ በበኩሉ የዓለማዊነት ሐሳብ ሞቶ ተቀብሯል ብሎ ጻፈ።

ግን የተቀበረው ሰው ተነሣ። እዚህ ላይ የማንናገር ከሆነ አድልዎ ይሆንብናል። ስታርክ የገበያውን ሐሳብ ያስደገፈው ብዙ ሃይማኖቶች በሚወዳደሩባት በአሜሪካ ነበር። ይሁንና በዚያችው አሜሪካ ሃይማኖት የለኝም የሚለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ከመቶ አሥር የማይሞላ ሲሆን፥ ከ2020 ወዲህ በተደረጉት ጥናቶች ከመቶ 28 ገደማ ደርሷል። ገበያው ሳይዘጋ ገዢው ቀነሰ ማለት ነው። የብራያን ዊልሰንን መንገድ የተከተለው ስኮትላንዳዊው ስቲቭ ብሩስም ይህን ሲጠባበቅ ቆይቷል። እርሱ እንደሚለው ቅነሳው የሚመጣው አማኙ ስለሚክድ አይደለም፤ ወላጅ ለልጁ ሳያስተላልፈው ስለሚቀር ነው። ስለዚህ በአንድ ሰው ዕድሜ ሳይሆን በሦስት ትውልድ ነው የሚታየው።

ሌሎች ሁለት ሊቃውንት፥ ፒፓ ኖሪስና ሮናልድ ኢንግልሃርት፥ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ነገሩን በሌላ ገጽ አቀረቡት። ሃይማኖትን የሚያዳክመው እውቀት አይደለም፤ የኑሮ ዋስትና ነው አሉ። ዝናብ ቢቀር የሚራብ፥ ልጁ ቢታመም ሐኪም የማያገኝ ሰው ወደ ፈጣሪው አብዝቶ ይጮኻል፤ ጡረታና ሆስፒታል ያለው ግን ጩኸቱ ይቀንሳል። ይህ እውነት ከሆነ፥ ቅድም ያየነው 98 ቁጥር የዓለማዊነትን ሐሳብ አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ይደግፈዋል። ድኻ ስለሆንን ሃይማኖተኞች ነን፥ ስንበለጽግ እንለወጣለን ማለት ነውና። እንዲህ አንዱ ቁጥር ለሁለት ተቃራኒ ሐሳቦች ሲመሰክር፥ ያ ቁጥር ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ታዲያ የሚፈርደው ምንድን ነው? አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ ወደ አዊ ቢወርድ እንዲህ ቢያደርግ ይጠቅመዋል እንላለን። ዳንግላ ውስጥ በወር ደመወዝና በጡረታ የሚኖሩ ቤተሰቦችን በአንድ ወገን፥ በዝናብ ብቻ የሚያርሱ የገጠር ቤተሰቦችን በሌላ ወገን ይያዝ። በሁለቱም ዘንድ አያቱን፥ አባቱንና ልጁን ለየብቻ ይጠይቅ። ሃይማኖት አስፈላጊ ነውን ብሎ አይጠይቅ፤ መልሱ የታወቀ ነውና። ይልቅስ ባለፈው ሳምንት ረቡዕና ዓርብ ምን በላችሁ፥ በዚህ ዓመት ለሰበካ ጉባኤ ከፍላችኋል ወይ፥ የመጨረሻውን ልጅ ማን ክርስትና አነሣው ብሎ ይጠይቅ። እስላም ቤተሰብም ካጋጠመው እንዲሁ ስለ ረመዳንና ስለ ዘካ ይጠይቅ። ባለ ደመወዙ ከገበሬው ያነሰ ሆኖ ከተገኘ፥ ልዩነቱም ከአያት ወደ ልጅ እየሰፋ ከሄደ፥ ኖሪስና ኢንግልሃርት ረቱ። ባለ ደመወዙ እንደ ገበሬው የሚጾምና ከገበሬው ይልቅ የሚያዋጣ ከሆነ ግን፥ የዋስትናው ሐሳብ ለዳንግላ አይሠራም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አይርሳ፤ ባለ ደመወዝ የበለጠ ገንዘብ የሚያዋጣው የበለጠ ስላመነ ሳይሆን የበለጠ ገንዘብ ስላለው ሊሆን ይችላልና፥ መዋጮውን ከገቢው ጋር አያይዞ ያስላው።

እኛ በበኩላችን እስካሁን ካየነው ተነሥተን የምንለው ይህን ያህል ነው። በአገራችን መለየቱ ተፈጽሟል፤ በሕግ፥ በመሬትና በፍርድ ቤት። መቀነሱ አልታየም፤ የታየው መዘዋወር ነው። ወደ ጓዳ መግባቱ ጭራሽ አልሆነም። ስለ ሚቀጥለው ትውልድ ግን እስካሁን ያለው ማስረጃ አይፈርድም። እንግዲህ አንድ ሰው በሻይ ቤት ተቀምጦ ሃይማኖት እየጠፋ ነው ቢላችሁ፥ ወይም ፈጽሞ አልተነካም ቢላችሁ፥ ከመከራከራችሁ በፊት ከሦስቱ ስለ የትኛው እንደሚናገር ጠይቁት።

የዚያን ቀን እንጅባራ ላይ ጉግሱ ሲያበቃ ወጣቱና አዛውንቱ ታርቀው ጎን ለጎን ሲወጡ አየን። ወጣቱ በአክብሮት፥ «አባቴ፥ ለመሆኑ የናንተ ደብር ጣራው ቆርቆሮ ነው ወይስ ሣር?» አላቸው። «ቆርቆሮ ነው» አሉ። «መሬቱ በደርግ ጊዜ ተወስዶ የለም እንዴ? ታዲያ ማን አሠራው?»

አዛውንቱ ጥያቄው ገርሟቸው ቆም አሉና፥ «እኛ ነና! ሌላ ማን አለው?» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።